ያልተጠበቀ ተቀናሽ ስቴትመንት ላይ ሲገኝ ለባንክ የሚጻፈው ደብዳቤ

ስቴትመንት ላይ የማያውቁትን ተቀናሽ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቅርንጫፍ ሄዶ በቃል መጠየቅ ነው። ሠራተኛዋ ስክሪኑን አይታ «እናየዋለን» ትላለች፣ ወሩ ያልቃል፣ ገንዘቡ አይመለስም። ይህ ሁልጊዜ ከቸልተኝነት የሚመጣ አይደለም። ባንክ ውስጥ የተቀነሰን ገንዘብ ለመመለስ አንድ ሠራተኛ መዝግቦ ሌላ ኃላፊ ማጽደቅ አለበት፤ የሚያጸድቀው ሰው ደግሞ ለምን እንዳጸደቀ የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋል። ደብዳቤው ያ ወረቀት ነው። ስለዚህ ሲጻፍ የሚታሰበው አንባቢ ጉዳዩን ፈጽሞ የማያውቅ፣ ፋይሉን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያይ አጽዳቂ መሆን አለበት።

እዚህ የምናየው አንድ ዓይነት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምና ሳይታወቅ የሚያልፍ። ወደ ሌላ ባንክ የተላከ ገንዘብ ሳይደርስ ይመለሳል፣ ዋናው ብር ሂሳብ ውስጥ ይገባል፣ የአገልግሎት ክፍያውና ቫቱ ግን እንደተቀነሱ ይቀራሉ። ሰው ዋናው ብር መመለሱን አይቶ እፎይ ስለሚል ትንሿን ተቀናሽ አይፈልጋትም።

ምሳሌያችን ጅማ መርካቶ ውስጥ ማር በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ላለ የማሸጊያ ዕቃ አቅራቢ 48,000 ብር ላከ። ከመላኩ በፊት ሂሳቡ ላይ 112,400.00 ብር ነበረው። የኦክቶበር ወር ስቴትመንቱ ላይ እንዲህ ይነበባል፤ ቀኖቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ 60 ብሩም ለምሳሌ የተወሰደ ነው፤ ተመኑ ከባንክ ባንክ ይለያያል።

14/10/2025፦ ወደ ሌላ ባንክ የተላከ 48,000.00፣ ቀሪ 64,400.00
14/10/2025፦ የአገልግሎት ክፍያ 60.00፣ ቀሪ 64,340.00
14/10/2025፦ ቫት 9.00፣ ቀሪ 64,331.00
16/10/2025፦ ተመላሽ 48,000.00፣ ቀሪ 112,331.00
16/10/2025፦ ወደ ሌላ ባንክ የተላከ 48,000.00፣ ቀሪ 64,331.00
16/10/2025፦ የአገልግሎት ክፍያ 60.00፣ ቀሪ 64,271.00
16/10/2025፦ ቫት 9.00፣ ቀሪ 64,262.00

ከዚያ በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ እንቅስቃሴ የለም።

መጀመሪያ፦ የሚጠየቀውን ብር በትክክል መለየት

እዚህ ላይ ሁለት የአገልግሎት ክፍያዎች አሉ፤ ጥያቄ የሚነሳበት ግን አንዱ ብቻ ነው። የ16ኛው ቀን ክፍያ ገንዘቡ በትክክል ለደረሰበት አገልግሎት የተከፈለ ስለሆነ ተገቢ ነው። የ14ኛው ቀን ክፍያ ግን ያልተፈጸመ ዝውውር ላይ የተቀነሰ ነው። ሁለቱንም የሚጠይቅ ደብዳቤ ግማሹ ስህተት ስለሚሆን አጽዳቂው ሙሉውን ወደ ጎን ያደርገዋል።

ቀጥሎ ቫቱን ይፈትሹ። ቫት 15 በመቶ ነው፤ 60 ብር በ0.15 ሲባዛ 9 ብር ይሆናል። ስሌቱ ከገጠመ ያ ቫት የዚያ ክፍያ ነው ማለት ነው። ካልገጠመ ቫቱ የሌላ ክፍያ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ሌላ ተቀናሽ እንዳለ ይዩ። የሚጠየቀው እንግዲህ 60.00 ሲደመር 9.00፣ በድምሩ 69.00 ብር ነው። «70 ብር ገደማ» ተብሎ የሚጻፍ ነገር የለም፤ ሂሳብ ክፍሉ የሚፈልገው ስቴትመንቱ ላይ ያለውን አኃዝ ራሱን ነው።

ቫቱን ለይቶ መጻፍ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የአገልግሎት ክፍያው የባንኩ ገቢ ነው፤ ቫቱ ግን ለመንግሥት የሚከፈል በመሆኑ በሌላ የሂሳብ መደብ ይመዘገባል። ስለዚህ የሚመለሱት በሁለት የተለያዩ ምዝገባዎች ነው። «የአገልግሎት ክፍያው ይመለስልኝ» ብቻ ከተባለ 60 ብሩ ተመልሶ 9 ብሩ ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ 9 ብር ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ ሊመጣ ነው።

ሁለተኛ፦ ጥፋቱ የማን እንደነበር ማረጋገጥ

ደብዳቤውን የሚያጸናውም የሚጥለውም ይህ ነው። ገንዘቡ የተመለሰው ላኪው የተሳሳተ የሂሳብ ቁጥር ስላስገባ ከሆነ ባንኩ «አገልግሎቱን ሰጥቻለሁ፣ ስህተቱ የደንበኛው ነው» ማለት ይችላል፤ የባንኩ ተመን ወይም የአገልግሎት ውል ይህንን የሚል ከሆነ ክርክሩ ብዙ አያስኬድም። የተመለሰው በኔትወርክ መቋረጥ ወይም በባንኮቹ መካከል በተፈጠረ ችግር ከሆነ ግን ደንበኛው ላልተፈጸመ አገልግሎት የሚከፍልበት ምክንያት አይኖርም።

የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? በምሳሌያችን መልሱ ስቴትመንቱና የሞባይል መልእክቱ ውስጥ አለ። በሁለቱም ቀን የተላከው ወደ አንድ የሂሳብ ቁጥር ነው፣ ብሩም አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለተኛው ደርሷል። ቁጥሩ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ በ16ኛውም ቀን አይደርስም ነበር። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው ውስጥ ማስገባት ስለ አገልግሎት ጥራት ከሚጻፍ አንድ ገጽ ምሬት ይበልጣል።

ለማመሳከር የግብይት መለያ ቁጥሮቹን ከስቴትመንቱ ወይም ከመልእክቱ ይቅዱ። በብዙ ባንኮች ቁጥሩ በ FT ይጀምራል፤ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱን፣ ከዚያ ያሉት ሦስቱ ከጥር 1 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆጠረውን ቀን ያሳያሉ። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የዓመቱ 287ኛ ቀን ስለሆነ መለያው FT25287 ብሎ ይጀምራል፤ የ16ኛው ቀን ደግሞ FT25289። ለማመልከት የፈለጉት ግብይትና የጻፉት ቁጥር በዚህ ሊፈተሹ ይችላሉ። ሁለት ተመሳሳይ ብር ሲኖር አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ቀላል ነው፤ ተሳስቶ ተገቢው ክፍያ ከተጠቀሰ ባንኩ «ይህ ትክክለኛ ተቀናሽ ነው» ብሎ ይመልሳል፣ አልተሳሳተምም።

ሦስተኛ፦ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ

ስቴትመንቱ የሚታተመው በፈረንጅ ቀን ነው፣ ደብዳቤው የሚጻፈው በእኛ ቀን። «ጥቅምት 14» ብቻ ብለው ከጻፉ አንባቢው ኦክቶበር 24 ላይ ሄዶ ይፈልጋል፤ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚውለው ያኔ ነውና። የ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 1 በኦክቶበር 11 ቀን 2025 ስለዋለ የመጀመሪያው ዝውውር ቀን ጥቅምት 4፣ ሁለተኛው ጥቅምት 6 ነው። በደብዳቤው ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፣ ስቴትመንቱ ላይ ያለውን ቀን ደግሞ አኃዙን ሳይለውጡ እንደታተመ ይቅዱት።

አራተኛ፦ «የተስተካከለ ስቴትመንት» ሲባል ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ደንበኛው የተስተካከለ ስቴትመንት ሲል በአእምሮው ያለው የተሳሳተው መስመር ጠፍቶ እንደ አዲስ የታተመ የኦክቶበር ስቴትመንት ነው። ባንክ ግን የተመዘገበን ነገር አያጠፋም። ስህተቱ ባለበት ይቆይና እርማቱ በተደረገበት ዕለት አዲስ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። ለምሳሌ እርማቱ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ቢሠራ፣ 60.00 እና 9.00 ብር በዚያ ቀን ሲገቡ ይታያሉ። የኦክቶበርን ስቴትመንት መቶ ጊዜ ቢያሳትሙት የመዝጊያ ቀሪው ያው 64,262.00 ብር ነው።

እናም «የኦክቶበር ስቴትመንት ተስተካክሎ ይሰጠኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ያንኑ አሮጌ ወረቀት ተቀብሎ ይመለሳል፤ ሠራተኛው የተጠየቀውን ሰጥቷል። መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከኦክቶበር 1 ቀን ጀምሮ እርማቱ እስከተመዘገበበት ቀን ድረስ ያለው ስቴትመንት ነው፤ በዚህ ላይ ስህተቱም እርማቱም በአንድ ሰነድ ይታያሉ። ሁለተኛው አጭር የማረጋገጫ ደብዳቤ ነው፦ በዚህ ቀን የተቀነሰው 69.00 ብር በስህተት እንደነበርና በዚህ ቀን እንደተመለሰ የሚገልጽ። ስቴትመንቱን ለብድር ጥያቄ ወይም ለገቢዎች የሚያቀርብ ነጋዴ ይህንን ደብዳቤ ይፈልገዋል። የወሩ ሂሳብ ተዘግቶ 69 ብር ልዩነት ሲታይ ሂሳብ ሠራተኛው የሚያያይዘው እሱን ነው።

አንድ ነገር ጨምሩበት፤ ባንኮች ለታተመ ስቴትመንት የሚያስከፍሉበት ጊዜ አለ። የሚታተመው የባንኩን ስህተት ለማሳየት ስለሆነ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ በደብዳቤው ውስጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። ካልተጠየቀ ስህተትን ለማረም የወጣው ስቴትመንት ራሱ ሌላ ተቀናሽ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አምስተኛ፦ ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ተሰረቅሁ»፣ «ተጭበረበርኩ» የሚሉ ቃላት አይግቡበት፤ እንዲህ ያለ ክስ ጉዳዩን ከሂሳብ እርማት አውጥቶ ወደ ምርመራ ወይም ወደ ሕግ ክፍል ሊወስደው ይችላል፣ 69 ብሩም እዚያው ይጠብቃል። «በስህተት ተቀንሷል» በቂ ነው፣ ትክክለኛም ነው። የይለፍ ቃልና ፒን በምንም ምክንያት አይጻፍም። የካርድ ቁጥር ማመልከት ካስፈለገ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ይበቃሉ።

በጅማ ያሉ ቅርንጫፎች ደብዳቤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይቀበላሉ፤ ጥሩ አድርገው በሚጽፉበት ይጻፉ። በቅንፍ ያለውን በራስዎ ይተኩ።

ቀን፦ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ(የባንኩ ስም)
(የቅርንጫፉ ስም) ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ጉዳዩ፦ በስህተት የተቀነሰ ብር 69.00 እንዲመለስና እርማቱን የሚያሳይ ስቴትመንት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በቅርንጫፋችሁ በ(ሙሉ ስም) ስም የተከፈተ የሂሳብ ቁጥር (ቁጥር) ደንበኛ ነኝ።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (14/10/2025) ከዚህ ሂሳብ ወደ ሌላ ባንክ ብር 48,000.00 ልኬ የአገልግሎት ክፍያ ብር 60.00 እና ቫት ብር 9.00 ተቀንሷል። የግብይት መለያ ቁጥሩ (ቁጥር) ነው። ዝውውሩ ባለመፈጸሙ ብር 48,000.00 ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (16/10/2025) ወደ ሂሳቤ ተመልሷል። የአገልግሎት ክፍያውና ቫቱ ግን አልተመለሱም።

በዚያው ቀን ተመሳሳይ ብር ወደ ተመሳሳይ የሂሳብ ቁጥር በድጋሚ ልኬ ደርሷል። የግብይት መለያ ቁጥሩ (ቁጥር) ነው። ይህም የተቀባዩ የሂሳብ ቁጥር ትክክል እንደነበር ያሳያል። ለሁለተኛው ዝውውር በተቀነሰው ብር 69.00 ላይ ጥያቄ የለኝም።

ስለዚህ፦

1. በ14/10/2025 የተቀነሰው የአገልግሎት ክፍያ ብር 60.00 እና ቫት ብር 9.00፣ በድምሩ ብር 69.00 ወደ ሂሳቤ እንዲመለስልኝ፤

2. ከ01/10/2025 ጀምሮ እርማቱ እስከሚመዘገብበት ቀን ያለው ስቴትመንት በማህተም ተረጋግጦ ያለ ክፍያ እንዲሰጠኝ፤

3. ተቀናሹ በስህተት እንደነበርና የተመለሰበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ፤

4. ጥያቄዬ ተቀባይነት ከሌለው ምክንያቱ፣ የተመሠረተበት የአገልግሎት ክፍያ ተመን ተጠቅሶ፣ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

መልሳችሁን እስከ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

(ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

አባሪ፦ የኦክቶበር 2025 ስቴትመንት 1 ገጽ፣ የሁለቱ ዝውውሮችና የተመላሹ የሞባይል መልእክቶች 1 ገጽ፣ የመታወቂያ ቅጂ 1 ገጽ

ግልባጭ፦ ለባንኩ የደንበኞች ቅሬታ ክፍል

«ለሁለተኛው ጥያቄ የለኝም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ እንዲቀር አንመክርም። ፈታሹ ስክሪን ላይ ሁለት 60 ብሮች ሲያይ የትኛው እንደተጠየቀ አይጠራጠርም፣ ጸሐፊውም ስቴትመንቱን በደንብ እንዳነበበ ይታያል። አራተኛው ጥያቄም እንዲሁ አይቅር፤ በቃል የሚሰጥ «አይቻልም» ወደ የትም ይዞ የሚሄዱት ነገር አይደለም።

ስድስተኛ፦ ማስገባት

ሁለት ቅጂ ያትሙ፣ ሁለቱም ላይ ይፈርሙ። ፊርማው ሂሳቡ ሲከፈት ከተሰጠው የፊርማ ናሙና ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ፊርማቸውን ባለፉት ዓመታት የለወጡ ሰዎች ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ነው። ሂሳቡ በድርጅት ስም ከሆነ በድርጅቱ ወረቀት ላይ የወጪ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ለማንቀሳቀስ ሥልጣን ባላቸው ሰዎች ተፈርሞ፣ ማህተም ተደርጎበት ይገባል። ልጅ ወይም ወንድም መላክ ይቻላል፣ ነገር ግን ውክልና ከሌለው ደብዳቤውን ማድረስ እንጂ ስለ ሂሳቡ መልስ መስማትም ስቴትመንት መቀበልም አይችልም። ባንኩ የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

አንዱን ቅጂ ለቅርንጫፉ ይስጡ። በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀን፣ የተቀባዩን ስምና ፊርማ፣ የቅርንጫፉን ማህተም አስደርገው ይያዙ፤ የገቢ መዝገብ ቁጥር ካለም ያስጽፉ። ይህ ካልተደረገ ከሁለት ሳምንት በኋላ ክርክሩ ስለ 69 ብር መሆኑ ቀርቶ ደብዳቤው ደርሷል አልደረሰም ወደሚል ይዞራል። በጅማ ከጥቅምት ጀምሮ የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ ሰብሳቢውና ነጋዴው ገንዘብ ለማውጣት ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፎቹን ያጨናንቃል፤ ከሰዓት በኋላ ቢሄዱ ደብዳቤውን የሚያነብልዎት ሰው ያገኛሉ።

ሰባተኛ፦ መልሱ ሲመጣ መፈተሽ

ስቴትመንቱን ሲቀበሉ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው ይዩት። የ14/10/2025 ተቀናሽ እንዳለ ሆኖ፣ በእርማቱ ቀን ሁለት ገቢዎች መታየት አለባቸው፤ 60.00 እና 9.00። አንዳንድ ቦታ በአንድ መስመር 69.00 ሆኖ ሊገባ ይችላል፣ እሱም ያስኬዳል። 60.00 ብቻ ካለ ቫቱ ቀርቷል። በመካከል ሌላ እንቅስቃሴ ከሌለ ቀሪው 64,331.00 ብር ይሆናል። ሌላ ገቢና ወጪ ካለ ከእርማቱ መስመር በፊትና በኋላ ያለውን ቀሪ ብቻ ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ልክ 69.00 መሆን አለበት። ለስቴትመንቱ ራሱ የተቀነሰ ክፍያ እንደሌለም ይመልከቱ። ማህተሙ በሁሉም ገጽ ላይ ይሁን፤ ብድር የሚጠይቁበት ተቋም አንድ ገጽ ማህተም ከሌለው ሊመልሰው ይችላል።

የተሰጠው ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ ወይም ምክንያቱ ካላሳመነ፣ የማህተሙን ቅጂ አባሪ አድርገው ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ይጻፉ፤ ባንኩ ጅማ ላይ የዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት ካለው በእሱ በኩል ማስገባት ይቻላል። አዲስ ታሪክ መጻፍ አያስፈልግም፤ «በዚህ ቀን ለቅርንጫፉ ያስገባሁት ደብዳቤ መልስ አላገኘም» የሚል ሦስት መስመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው በር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር FCP/01/2020 ባንኮች ክፍያቸውን ለደንበኛ ግልጽ እንዲያደርጉና ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ወደዚያ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚታየው ባንኩ ራሱ በጽሑፍ ተጠይቆ እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ የተማኅተመው ቅጂ፣ የባንኩ መልስ ካለ እሱ፣ ሁለቱም ስቴትመንቶች በቀን ቅደም ተከተል ተያይዘው ይቅረቡ።